ብሬ ብር ሳይል፦ አንድ የእንግሊዝኛ ማስታወቂያ አማርኛ የሆነበት መንገድ

ከእንግሊዝኛ የሚመጡ የማስታወቂያ ካፕሽኖችን ወደ አማርኛ መመለስ የዕለት እንጀራዬ ነው። ሁለት ሦስት መስመር ናቸው። ሲያዩዋቸው የአምስት ደቂቃ ሥራ ይመስላሉ። ግን ረጅም ሰነድ ከመተርጎም ይልቅ የሚያለፉኝ እነሱ ናቸው፤ ምክንያቱም በሦስት መስመር ውስጥ ቀልድ አለ፣ ወዳጅነት አለ፣ ሽያጭም አለ። አንዱ ከጎደለ ጽሑፉ አለቀለት። በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ፣ ወይም ለሱቃችሁና ለድርጅታችሁ ራሳችሁ ለምትጽፉ ይጠቅማል ብዬ ስላሰብኩ፣ በቅርቡ የሠራሁትን አንድ ካፕሽን ከእንግሊዝኛው እስከ መጨረሻው አማርኛ ድረስ ላሳያችሁ።

ደንበኛው በስልክ ገንዘብ ማስቀመጥ የሚያስችል አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት ነው። የማስታወቂያ ክፍሉ ያለው ውጭ አገር ነው፤ አማርኛ የሚያነብ ሰው የለውም። የላኩልኝ እንግሊዝኛ ሲነበብ እንዲህ ይላል፦ «ፔይዴይ ኬም። ፔይዴይ ዌንት። ሌት ሰም ኦፍ ኢት ስቴይ። ኦፕን ኤ ሴቪንግስ ፖት ኢን ቱ ሚኒትስ። ፊውቸር ዩ ሴይስ ታንክስ።» ቃናው ምን መሆን እንዳለበትም ጽፈዋል። ወዳጅ የሆነ፣ ትንሽ ተጫዋች፣ ግን የማያቃልል።

አብሮ የመጣ የቃል በቃል ረቂቅም ነበር። እንዲህ የሚል፦

«የክፍያ ቀን መጣ። የክፍያ ቀን ወጣ። ጥቂቱ እንዲቆይ ይፍቀዱ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ የቁጠባ ማሰሮ ይክፈቱ። የወደፊቱ እርስዎ ያመሰግናሉ።»

እያንዳንዱ ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ ቢፈለግ ልክ ነው። ሙሉው ግን የሚለው ሌላ ነው። «የክፍያ ቀን» ሲባል አንድ የአዲስ አበባ ሰው የሚታየው የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ ወይም የመብራት ክፍያ ነው። ገንዘብ የሚቀበልበት ቀን ሳይሆን ገንዘብ የሚያወጣበት ቀን ማለት ሆነ። ማስታወቂያው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቃላት ሰውየውን አስደነገጠው ማለት ነው። «የክፍያ ቀን ወጣ» ደግሞ ይብሳል። «የፈተና ቀን ወጣ»፣ «የምዝገባ ቀን ወጣ» እንደምንለው፣ ቀኑ ተቆርጦ ተነገረ ማለት ነው። «ደሞዝ ወጣ» ቢባልም አያድንም፤ ደሞዝ ወጣ ማለት ተከፈለ ማለት ነውና። እንግሊዝኛው ገንዘቡ ሄደ እያለ አማርኛው ገንዘቡ መጣ ይላል።

«እንዲቆይ ይፍቀዱ» ላይ ቀልዱ ሞተ። «ሌት» የሚለው ቃል እንግሊዝኛው ላይ ቀላል ነው፤ «ይፍቀዱ» ግን የቢሮ ቃል ነው፣ ማኅተም ያስፈልገዋል። «የቁጠባ ማሰሮ ይክፈቱ» ሲል ጠላ ይታየኛል። «የወደፊቱ እርስዎ» ደግሞ በአማርኛ ማንም ለማንም ብሎት አያውቅም።

እንዲህ ያለ ረቂቅ ሲደርሰኝ አላርመውም። ቃል እየቀያየሩ ማረም የእንግሊዝኛውን አጥንት እንዳለ ያስቀረዋል። ወደ እንግሊዝኛው ተመልሼ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ምን እየሠራ እንደሆነ በራሴ አማርኛ እጽፋለሁ። ምን እንደሚል ሳይሆን ምን እንደሚሠራ። ለዚህኛው የጻፍኩት ይህን ነበር፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች አንባቢውን «ይሄ እኔ ነኝ» ያሰኙታል። በእሱ ላይ አያሾፉም፤ አብረውት ይስቃሉ። ሦስተኛው ቀልዱን ወደ ምርቱ ያዞረዋል። አራተኛው ቀላል መሆኑን ይነግረዋል። አምስተኛው ለውሳኔው ያመሰግነዋል፣ ጀርባውን መታ መታ ያደርገዋል። ቤት የሚመታም አለ፤ «ዴይ» እና «ስቴይ»።

ከዚያ እንግሊዝኛውን እዘጋዋለሁ። በእውነት ከስክሪኔ ላይ አነሳዋለሁ። ካላነሳሁት የዓረፍተ ነገሩ ቅርጽ ይጎትተኛል።

ቀጥሎ የማደርገው ነገር ከሁሉም የበለጠ የጠቀመኝ ልማድ ነው። ማስታወቂያው የሚናገርለት ቅጽበት ሲደርስ ሰዎች አፋቸው ላይ ምን እንደሚመጣ እሰበስባለሁ። እዚህ ቅጽበቱ ደሞዝ የሚገባበት ቀን ነው። ቢሮ ውስጥ፣ ታክሲ ላይ፣ ቤት ውስጥ ምን ይባላል? «ደሞዝ ገባ እንዴ?» ይባላል። «የእናንተ ወጣ?» ይባላል። «ገብቶ አልቋል።» «ሳላየው አለቀ።» «ምን እንዳደረግኩት አላውቅም።» «በረረ።» «ከእጅ ወደ አፍ ነው።» «ብሩ በረከት አጥቷል።»

ይህን ዝርዝር ሳየው የመጀመሪያው መስመር ወዲያው ታወቀኝ። «ደሞዝ ገባ።» ሁለት ቃል፣ አለቀ። ጋዜጣ ላይ «ደመወዝ» ብለን እንጽፋለን፣ ለዜናም ለውልም ትክክሉ እሱ ነው። ወዳጅ ግን «ደመወዝ ገባ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። የአጻጻፉ ለውጥ ብቻ ማን እያናገረ እንደሆነ ይናገራል፤ የሰው ሀብት አስተዳደር ወይስ ጎረቤት።

ከዝርዝሩ የጣልኳቸውም አሉ። «ከእጅ ወደ አፍ» ጥሩ አባባል ነው፣ ግን ምሬት አለበት። «በረከት አጥቷል» ደግሞ ኑሮ የከበደው ሰው ከልቡ የሚያወጣው ቃል ነው፤ እምነትም አለበት። ሰው በሚያዝንበት ቃል ዕቃ መሸጥ ነውር ነው ብዬ አምናለሁ። የደንበኛውም መመሪያ ተጫዋች ሁን እንጂ ቁስል ንካ አይልም። እዚህ ላይ ቃል መምረጥ ማለት ስሜት መምረጥ ነው፤ ከመዝገበ ቃላት የማይገኘውም ይሄው ነው።

የቀረችው «በረረ» ነበረች። ገንዘብ በረረ እንላለን። ወፍም ትበራለች። ወፍ ድንገት ስትነሳ ደግሞ «ብር አለች» እንላለን። ተነስቶ በፍጥነት የሄደ ሰውም «ብር ብሎ ሄደ» ይባላል። ገንዘቡ ራሱ ብር ነው። ቀልዱ እዚያው ቋንቋው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። «ብሩ ብር አለ።» ሰዎችም ሲቀልዱ ይሉታል፤ አዲስ ግኝት አይደለም። ለእኔ ግን ይሄ ጥቅም ነው። ማስታወቂያ ውስጥ ያለ የቃላት ጨዋታ አንባቢው ግማሹን ቀድሞ ቢያውቀው ይሻላል። እንግሊዝኛው በ«ኬም» እና በ«ዌንት» የሠራውን፣ ማለትም መምጣቱንም ፈጥኖ መሄዱንም፣ አማርኛው በአንድ «ብር» ያዘው።

እዚህ ጋ ለሰምና ወርቅ ወዳጆች አንድ ነገር ላንሳ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ስለሆነ። በቅኔው ሥርዓት ኅብረ ቃሉ አንዴ ብቻ ይነገርና ሁለቱንም ፍቺ ይሸከማል። በዚያ መንገድ ሞክሬዋለሁ። «ደሞዝ ገባ፣ ብር ሊል ነው።» እዚህ «ብር» አንዴ ብቻ ነው ያለችው፤ ገንዘብነቷም በራሪነቷም ውስጧ ተደብቋል። በዕደ ጥበብ ይሄ ይበልጣል። ግን ቅኔ የሚሰማ ሰው ቆሞ ይፈታል፣ ካፕሽን የሚያይ ሰው በአውራ ጣቱ እየገፋ ያልፋል። ለመፍታት የሚቆምበት ጊዜ የለውም። ስለዚህ ሁለቱንም «ብር» አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጥኳቸው። «ብሩ ብር ሳይል።» ትንሽ ጥበብ ተቀነሰ፤ ፈገግታው ግን ሳይፈታ ይደርሳል።

ቤት መምታቱን ተውኩት። በእንግሊዝኛ ቤት መምታት ጥረት ይጠይቃል፣ ለዚህ ነው የሚያስደስተው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ሁሉም ዓረፍተ ነገር በ«አለ»፣ በ«ነው»፣ በ«ሉ» ሊያልቅ ይችላል። ያለ ጥረት የመጣ ቤት መምታት ደግሞ ጆሮ ላይ ይሰለቻል፤ የድሮ የሬዲዮ ማስታወቂያ ያስመስለዋል። እንግሊዝኛው ስለመታ ብቻ መምታት የለብንም። ያ ቤት መምታት የሚሰጠውን ደስታ «ብር ብር» የሚለው ድግግሞሽ ሰጥቶናል።

አሁን ወደ ከባዱ ደረስን። ማንን ነው የምናናግረው? እንግሊዝኛ «ዩ» ብሎ ይገላገላል። እኛ አንተ፣ አንቺ፣ እናንተ፣ እርስዎ አለን። «አንተ» ካልኩ ግማሹ አንባቢ ሴት ናት፣ ማስታወቂያው ስለእሷ አይደለም። «አንቺ» ብልም እንደዚያው። «እርስዎ» ለባንክ ደብዳቤ ጥሩ ነው፣ ግን እርስዎ እያሉ «ብርዎ ብር ሳይል» ማለት ኮት ለብሶ እንደ መዝለል ነው። አክብሮቱም ቀልዱም ይበላሻል። «እናንተ» ብዙዎች የሚመርጡት መውጫ ነው፣ እኔም ብዙ ጊዜ እጠቀምበታለሁ። ችግሩ ይህ ቀልድ የግል መሆኑ ነው። የአንድ ሰው ኪስ ነው። «ብራችሁ ብር ሳይል» ሲባል ስብሰባ ላይ የሚነገር ይመስላል።

መፍትሔው ማናገሩን መተው ነበር። ሰውየው ራሱ ይናገር። «ብሬ ብር ሳይል።» በአማርኛ «እኔ» ጾታ የለውም። ወንዱም ሴቷም፣ ወጣቱም አዛውንቱም «ብሬ» ይላሉ። የአክብሮት ጥያቄውም አብሮ ይፈታል፤ ራሱን «እርስዎ» የሚል ሰው የለምና። በእንግሊዝኛው ውስጥ ያለውን «አብሬህ እስቃለሁ» የሚለውን ስሜትም ይጠብቃል፤ እንዲያውም ያጠነክረዋል፣ ምክር የሚሰጥ አፍ ስለሌለ። ይህን መንገድ ለማንኛውም አጭር ማስታወቂያ ከሞላ ጎደል ሞክሩት። የማይሠራው አንባቢው ያልሞከረውን ዕቃ እንዲያወድስ ስታስገድዱት ነው። ለምሳሌ «ይህን ሳሙና ወደድኩት» ቢል የውሸት ምስክር ይመስላል።

ይህ ምርጫ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገርም ከፈተው። «ፊውቸር ዩ ሴይስ ታንክስ» የሚለው ላይ ብዙ ተንገላትቻለሁ። «የነገው ማንነትህ» ቢሉት የስኬት ሥልጠና ይሆናል። «ኋላ ታመሰግኑናላችሁ» ቢሉት ምስጋናው ወደ ድርጅቱ ዞረ፣ ትዕቢትም አለበት። ግን ያንን ስሜት አማርኛ ከድሮም የሚለው በምንድን ነው? ጃንጥላ ይዞ ወጥቶ ዝናብ ሲጥል ሰው ምን ይላል? «እንኳን ያዝኩ!» ይላል። ጥሩ ነገር አስቀድሞ ያደረገ ሰው በኋላ ለራሱ የሚሰጠው ምስጋና በሙሉ «እንኳን» ውስጥ አለ። ስለዚህ፦ «እንኳን አስቀረሁ!»

«አስቀረሁ» እንጂ «ቆጠብኩ» ያላልኩበትም ምክንያት አለ። «ቁጠባ» በትምህርት ቤትና በዜና የሰማነው ቃል ነው፣ ክብር አለው፣ ግን ትንሽ ያስተምራል። «ትንሽ አስቀረሁ» ግን ወጥ ሲከፋፈል ለልጅ እንደሚቀረው ዓይነት የቤት ቃል ነው። እንግሊዝኛውም «ስቴይ» ሲል የፈለገው ይህንኑ ነበር፤ ሳይሄድ የቀረውን።

«ፖት» የሚለው የምርቱ ስም ስለሆነ ለብቻው መወሰን ነበረበት። ከደንበኛው ጋር ሦስት አማራጭ አየን። «ሳጥን» ግልጽ ነው፤ ልጆችም የቁጠባ ሳጥን ያውቃሉ። ግን ምንም ሙቀት የለውም። «ሙዳይ» ትንሽ ሞቅ ያለ ነው። እናቶቻችን ጌጣቸውንና ገንዘባቸውን ያኖሩበት የነበረ ስለሆነ የመቆየት ስሜት አለው። ስጋቴ ቤተ ክርስቲያን ያለው ሙዳየ ምጽዋት ነበር፤ ገንዘብ የሚሰጥበት እንጂ የሚመለስበት አይደለምና። ሰዎች ስጠይቅ ግን «የቁጠባ ሙዳይ» ተብሎ አብሮ ሲጻፍ ማንም ወደዚያ አልሄደም። ሦስተኛው «እቁብ» ነበር፤ ደንበኛው ስለእቁብ ሰምቶ በጣም ወዶታል። ይህንን ግን ተከላከልኩ። እቁብ የጋራ ነው። ዳኛ አለው፣ ዕጣ አለው፣ ተራ አለው። ዕጣው የወጣለት ሰው የሁሉንም መዋጮ በአንድ ጊዜ ይወስዳል። የእነሱ አገልግሎት አንድ ሰው ለብቻው የሚያስቀምጥበት ነው። ቃሉን ብንጠቀም አንባቢው ያልተባለ ነገር ይጠብቃል፣ ከዚያም ተታለልኩ ይላል። ለአማርኛ የቀረበ ቃል ሁሉ ትክክል አይደለም፤ ምርቱ የማያደርገውን የሚያስገባ ከሆነ ከቃል በቃሉ ይልቅ ይጎዳል። «ሙዳይ» ጸደቀ።

ተሰብስቦ ይህን መሰለ፦

«ደሞዝ ገባ።
ብሬ ብር ሳይል፣ ትንሽ አስቀረሁ።
እንኳን አስቀረሁ!
የቁጠባ ሙዳይ በ2 ደቂቃ ይከፈታል።»

የመጨረሻው መስመር «ይክፈቱ» ወይም «ክፈቱ» ሳይል «ይከፈታል» ማለቱን አስተውሉ። ባለቤቱ ሙዳዩ ሆነ። አሁንም ማንንም ማናገር አላስፈለገንም። ከታች ያለችው መጫኛም «ሙዳይ ለመክፈት» ትላለች።

ወደ ደንበኛው ከመላኬ በፊት ሁለት ነገር አያለሁ። አንደኛው ጽሑፉ በስልክ ላይ የት እንደሚቆረጥ ነው። ረዘም ያለ ካፕሽን ከጥቂት መስመር በኋላ ይቋረጥና ቀሪውን ለማየት መንካት ያስፈልጋል። በእንግሊዝኛ ግሱ ቀድሞ ስለሚመጣ የተቆረጠውም ዓረፍተ ነገር ስሜት ይሰጣል። በአማርኛ ረጅም ዓረፍተ ነገር ከተቆረጠ የሚጠፋው ግሱ ነው። አንባቢው ማንና ምን እንደሆነ አይቶ ምን እንደተደረገ ሳያይ ይቀራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ አጭር ይሁን፤ ግሱ ሳይቆረጥ ይድረስ። «ደሞዝ ገባ» በየትኛውም ስልክ ላይ ሙሉ ነው። አራት ነጥቡንም አንዱን ምልክት «።» ተጠቀሙ። ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ እየደረደሩ መጻፍ የተለመደ ነው፣ ግን መስመር መጨረሻ ላይ ተከፍሎ ግማሹ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል።

ሁለተኛው ጮክ ብሎ ማስነበብ ነው። እኔ አላነብም። ስለ ሥራው ምንም ያልሰማ ሰው ስልኩን ይዞ ያነባል፣ እኔ እሰማለሁ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ ለእኔ ግልጽ የሆነው ለሌላው ሌላ ሊነበብ ይችላል። በዚሁ ሥራ ላይ ደንበኛው «ይገባዎታል» የሚል ቃል እንዲጨመር ጠይቆ ነበር፣ የሚገባዎት ነገር ነው ለማለት። ሲጠብቅ እንዲያ ይላል። ሲላላ ግን «ይረዱታል» ማለት ይሆናል። አንዲት ልጅ ያነበበችው በሁለተኛው መንገድ ነው፤ አንብባም «ምኑ ነው የሚገባኝ?» አለች። ቃሉ ወጣ።

ያነበቡት ሰዎች ከጨረሱ በኋላ «ወደድከው?» ብዬ አልጠይቅም፤ ሰው ለማስደሰት «አዎ» ይላል። የምጠይቀው «ምን ሆነ? ማን ነው የሚያወራው?» ብዬ ነው። በራሱ አማርኛ መልሶ ከነገረኝ ገብቶታል። ሳያስበው ፈገግ ካለም ቀልዱ ደርሷል። አንድ ወጣት ግን ሲያነብ ቆም አለና «ብሬ ማነው?» አለ። ምክንያቱን ወዲያው አየሁት። ዲዛይነሩ ሥዕሉ ላይ በትልቁ የጻፈው ሁለተኛውን መስመር ብቻ ነበር። ብርሃኑና ብሩክ ደግሞ ሲቆላመጡ ብሬ ይባላሉ። «ደሞዝ ገባ» የሚለው ከላይ ከሌለ ብሬ ሰው ነው። ቃሉን መቀየር አላስፈለገም፤ ሁለቱን መስመሮች አንድ ላይ ሥዕሉ ላይ አደረግናቸው። ከዚያ ወዲህ ያነበበ ሰው ስለ ብሬ አልጠየቀም። ጽሑፉ ከሥዕሉ ጋር በመጨረሻው አቀማመጥ መታየት አለበት የምለው ለዚህ ነው። በወረቀት ላይ ልክ የሆነ ሥዕል ላይ ሊበላሽ ይችላል።

ከዚያ ለማያነብ ሰው ማስረዳት ይቀራል። ብዙ ጥሩ አማርኛ የሚሞተው እዚህ ነው። ደንበኛው መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ያስተረጉመውና «የእኛ ጽሑፍ አይደለም» ብሎ ቃል በቃሉን ይመርጣል። ይህን ለመከላከል ለእያንዳንዱ መስመር ሦስት ነገር ጎን ለጎን እልካለሁ፤ አማርኛውን፣ የቃላቱን ጥሬ ፍቺ፣ እና አንባቢው ላይ የሚያደርገውን። ሁለተኛው መስመር ላይ ለምሳሌ፣ የገንዘባችን ስም ወፍ ስትነሳ የምታሰማው ድምፅ ነው ብዬ ጻፍኩ። ይህን ሲያነቡ ቀልዱ ከእነሱ ቀልድ ጋር አንድ ዓላማ እንዳለው ገባቸው። ደግሞ አንድ ብቻ አልልክም። ወደ እንግሊዝኛው የቀረበ ሌላ አማራጭ አብሬ አስቀምጣለሁ። ለዚህኛው «ደሞዝ መጣ፣ ደሞዝ ሄደ። ትንሽ ይቅር!» የሚል ነበር። ትክክል ነው፣ ያስኬዳል፣ ግን «ይቅር» የሚለው «ይተው» ተብሎም ሊነበብ እንደሚችል በግልጽ ጻፍኩላቸው። ጎን ለጎን ሲያዩት የመረጡት የመጀመሪያውን ነው።

አንድ ተቃውሞ ቀረበ። የምርት ስማቸው መመሪያ ሁልጊዜ አንባቢውን በቀጥታ እንድናናግር ያዛል። በአማርኛ ቀጥታ ማናገር ጾታና ዕድሜ መምረጥ እንደሆነ፣ ከመረጥን ደግሞ የቀረው እንደሚወጣ አስረዳኋቸው። የአማርኛ መመሪያው ላይ «አጭር ጽሑፍ በአንደኛ መደብ፣ ማብራሪያ በእናንተ፣ የስልክ መልስ በእርስዎ» ብለን አብረን ጻፍን። አሁን ሌላ ሰውም ቢሠራው ድምፁ አይለያይም።

የሚለጠፍበት ቀንም የትርጉሙ አካል ነበር። እንግሊዝኛው በፈረንጆቹ ወር መጨረሻ እንዲወጣ ታቅዶ ነበር። እዚህ የመንግሥት ሠራተኛ ደሞዝ በእኛ አቆጣጠር ወር መጨረሻ አካባቢ ነው፤ በፈረንጆቹ ወር የሚከፍሉ ድርጅቶችም አሉ። «ደሞዝ ገባ» የሚል ካፕሽን ደሞዝ ሳይገባ ከወጣ ያናድዳል። በሁለቱም ጊዜ እንዲለጠፍ ተስማማን። የጳጉሜንም ነገር ነገርኳቸው፤ የወር ደሞዝተኛ ለእነዚያ 5 ወይም 6 ቀናት ለብቻው የማይከፈለው መሆኑን፣ ከፊቱ ደግሞ እንቁጣጣሽና የትምህርት ቤት ወጪ እንዳለ። ለዚያ ጊዜ ሌላ ጽፈናል፦ «ጳጉሜ ደሞዝ የላትም። ሙዳዬ ግን አለ።»

ከካፕሽኑ ሥር ያለውን የውል ማብራሪያ ግን ቃል በቃል ነው የተረጎምኩት። ስለ ወለድ፣ ስለ ክፍያ፣ ገንዘቡ መቼ ሊወጣ እንደሚችል የሚናገረው ክፍል ጨዋታ አይገባበትም። እንግሊዝኛው «እስከዚህ በመቶ» ካለ አማርኛው ላይ «እስከ» የምትለዋ ቃል መውደቅ የለባትም፤ ለማሳመር ብላችሁ ካወጣችኋት ከፍተኛው መጠን ለሁሉም ሰው ቃል የተገባ ይሆናል። «ወለድ» የሚለውንም ካፕሽኑ ላይ አላስገባንም። ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚመርጡ ብዙ አንባቢዎች ስላሉ፣ ዝርዝሩን ሁለቱም ዓይነት በተብራራበት ገጽ ላይ አስቀመጥነው።

ይኸው ማስታወቂያ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛም ይወጣ ነበር። ደንበኛው አማርኛውን ልኮ «ይህን ተርጉሙ» ሊላቸው አስቦ ነበር። ለተርጓሚዎቹ መጀመሪያ ላይ የጻፍኩትን ማስታወሻ፣ እያንዳንዱ መስመር ምን እንደሚሠራ የሚናገረውን፣ ከእንግሊዝኛው ጋር እንዲልክላቸው ጠየቅኩ። የ«ብር» ጨዋታ እዚያ ይሥራ አይሥራ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ በየራሳቸው ቋንቋ ደሞዝ የገባ ቀን ሰው ምን እንደሚል የሚያውቁትም እነሱው።